በስልክ «ተቀጥረሻል» ተባልኩ፤ ሥራ ከመልቀቄ በፊት ዝርዝሩን በጽሑፍ እንዴት ልጠይቅ?

ሒሳቧ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። ለሌላ ድርጅት የሲኒየር አካውንታንት ቦታ ተወዳድሬ ነበር፤ ትናንት ከኤችአር ተደወለልኝ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ አልፈሻል። ደሞዙ 28 ሺህ ነው። ሜዲካል አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ ፈቃድ በሕጉ መሠረት ነው፣ ሙከራው ሦስት ወር ነው። ሰኞ መጀመር ትችያለሽ?» አለችኝ። አስቤበት እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ጥያቄው የተደረደረው። 28 ሺው ታክስ ተቆርጦ ነው ወይስ ሳይቆረጥ? ሜዲካሉ ከመቼ ጀምሮ ነው? ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ ስላለ ሦስት ቀን ያስፈልገኛል። አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት ደግሞ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ፤ ሰኞ የሚባል ነገር የለም። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ስጡኝ ብል «ገና ሳትገባ ጣጣዋ በዛ» ብለው ሌላ ሰው ይጠሩ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

አራዳው

እህቴ፣ ዝም ብለሽ ግቢ። ሙከራ በሕግ 45 ቀን ነው፣ ሦስት ወር የሚባል የለም። እንኳን ደግሞ በጽሑፍ አልሰጡሽ! በጽሑፍ ያልሰፈረ ሙከራ ሙከራ አይደለም። ሳትፈርሚ ከገባሽ ከመጀመሪያው ቀን ቋሚ ነሽ። አንቺ እየጠየቅሽ ለምን ታስታውሻቸዋለሽ?

የድሮው ፐርሶኔል

አራዳው ግማሹን አግኝተሃል፤ ግማሹ ግን አሮጌ ነው። 45 ቀን የነበረው በድሮው አዋጅ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው 1156/2011 ነው። እሱ የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ አድርጎታል፤ አንቀጽ 11 ላይ ታገኘዋለህ። ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት ያልከው ልክ ነው።

ስህተቱ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። እኔ በሰው ኃይል አስተዳደር ጡረታ እስክወጣ ሠርቻለሁ፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ልንገርህ። ልጅቱ ሥራዋን ለቃ ሰኞ ጠዋት ትገባለች። መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አምጪ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አምጪ ትባላለች። ከዚያ ኮንትራቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሙከራው እዚያ ተጽፏል፣ ሜዲካል ከሙከራ በኋላ ይላል፣ ትራንስፖርቱ የለም። አልፈርምም ብላ ወዴት ትሄዳለች? የቀድሞ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። አሠሪ የሙከራውን አንቀጽ አይረሳም፤ የሚያዘገየው ብቻ ነው።

ልጄ ሒሳቧ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዢ። ሙከራው እንዲጸና ጽሑፍ የሚያስፈልገው አሠሪው ራሱ ነው። ስለዚህ አንቺ የምትጠይቂው ውለታ አይደለም። እነሱ የግድ የሚያዘጋጁትን ወረቀት ከምትለቂበት ቀን በፊት እንዲያደርሱሽ ነው የምትጠይቂው። ልዩነቱ ቀኑ ላይ ብቻ ነው።

ሒሳቧ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ «ኦፈር ሌተር ስትጀምሪ ይሰጥሻል» ቢሉኝስ? በስልክ እንደዚያ የምትል መስላኝ ነበር።

የድሮው ፐርሶኔል

ሊሉ ይችላሉ። ሕጉም በዚህ በኩል ላላ ይላል። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ይሰጣል ነው የሚለው። ስለዚህ «ሕጉ ያስገድዳችኋል» ብለሽ አትግቢበት፤ መልስ አላቸው። የአንቺ ጠንካራ ምክንያት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽ ነው። ማንም ኤችአር «ሳላይ መልቀቂያ አላስገባም» የሚልን ሰው አይቆጣም፤ እሱም በቦታሽ ቢሆን ያንኑ ያደርጋል።

በስልክ አትጠይቂ። ኢሜይል ወይም ቴሌግራም ይሁን፣ አጭር ይሁን፤ መጀመሪያ ቦታውን እንደምትፈልጊው ንገሪያቸው። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦

«በስልክ ስለነገሩኝ የሥራ ዕድል በጣም አመሰግናለሁ፤ በቦታው ለመሥራት ፍላጎት አለኝ። አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለምሰጥ፣ መልቀቂያ ከማስገባቴ በፊት የሚከተሉት በደብዳቤ ቢሰፍሩልኝ። መሠረታዊ ደመወዙና እያንዳንዱ አበል ለየብቻ፤ የሙከራው ጊዜ ስንት የሥራ ቀን እንደሆነ፤ ሕክምናው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ቤተሰብን ይጨምር እንደሆነ፤ የዓመት ፈቃዱ ስንት ቀን እንደሆነና መቼ መውሰድ እንደሚቻል። ጥር ላይ ለቤተሰብ ሠርግ የሦስት ቀን ፈቃድ ስለሚያስፈልገኝ፣ በክፍያም ሆነ ያለክፍያ ከአሁኑ ቢያዝልኝ። ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት ምላሼን አሳውቃለሁ፤ ሥራውን ታኅሣሥ 1 መጀመር እችላለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዪያት። ለነሱ የምትሰጫት እሷን ነው፤ ቀንና ቁርጠኝነት። አለቆቻቸው ዘንድ ይዘው የሚገቡት በዚያች ነው።

የመገናኛው

እኔ ግን ጠይቄ አጥቻለሁ። ስሙን የማልጠራው ድርጅት ደውሎ ተቀበልኩ ካልኩ በኋላ በኢሜይል ዝርዝር ጠየቅኩ። ሁለት ቀን ዝም። ከዚያ «ቦታው ተይዟል» አሉኝ። እና ጋሼ፣ ማንም አይቆጣም የሚሉት ለሁሉም አይሠራም።

የድሮው ፐርሶኔል

የመገናኛው፣ ያጋጥማል፤ አላስተባብልም። ኢሜይሉ ላይ ምን ምን ነበር?

የመገናኛው

ሙከራ፣ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ... እና ደሞዙ ላይ ትንሽ ቢጨመር ብዬም ነበር።

የድሮው ፐርሶኔል

እሷን ነው የፈለግኳት። ዝርዝር መጠየቅና ድርድር መክፈት ሁለት ጉዳይ ነው። አንድ ላይ ስትልካቸው ኤችአሩ የሚያነበው «ገና አልተስማማም» የሚለውን ነው፤ በተጠባባቂነት ወደተያዘው ሰው ይደውላል። ለድርድር ጊዜው በስልክ ቁጥሩን የነገሩህ ሰዓት ነበር። ካለፈህ ደግሞ ደብዳቤው መጥቶ ካየኸው በኋላ አንድ ነጥብ መርጠህ ታነሳለህ።

የመገናኛው

ሊሆን ይችላል። ግን 1,500 ብር ጨምሩ ስላልኩ ሰው የሚቀይር ድርጅት፣ ሳልጨምርም ብገባ ምን ሊያደርገኝ ነበር? አላመንኩም።

ማርታ ከዱባይ

እኛ ጋ እኮ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ኦፈሩ በሠራተኛ ሚኒስቴሩ ፎርም ነው የሚመጣው፤ ደሞዙ መሠረታዊና አበል ተለይቶ ተጽፎ ትፈርሚበታለሽ። ሙከራ እስከ 6 ወር ነው። ግን በሙከራ ጊዜም ቢያባርሩሽ የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ አለ። አንቺም ወደ ሌላ የዱባይ ድርጅት ልሂድ ካልሽ የአንድ ወር መስጠት አለብሽ። የቤት ሠራተኞች ሕግ ግን ሌላ ነው፣ አትደባልቁ። ሒሳቧ ወደዚህ ልትመጪ ነው እንዴ? ቪዛውን ማን ነው የሚከፍለው?

ሒሳቧ

ኧረ ማርቲ፣ ድርጅቱ ያለው ቦሌ ነው 😂 በታክሲ ነው የምሄደው።

ማርታ ከዱባይ

ይቅርታ! ርዕሱን ብቻ አይቼ ነው። ግን መሠረታዊውን ከአበሉ አስለዪ፣ እሱ ለሁሉም አገር ይሠራል።

ነገረ ሠራተኛ

የሙከራው ርዝመት ላይ ልግባ። «ሦስት ወር» የሚለውን በቀጥታ ሕገወጥ ነው አትበሏት። ድርጅቱ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠራ ነው የሚወስነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከሆነ 60 የሥራ ቀን ማለት 10 ሳምንት ነው። ታኅሣሥ 1 ከጀመረች ገናና ጥምቀት ተቀንሰው የካቲት አጋማሽ ሳይደርስ ያልቃል፤ «ሦስት ወር» ካሉ ግን እስከ የካቲት መጨረሻ ይጎተታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሆነ 12 ሳምንት ነው። በዓላቱ ሲታከሉበት ከሦስት ወር ብዙም አይርቅም። ብዙ ኤችአሮች «ሦስት ወር» የሚሉት ከዚያ ለምደው ነው።

ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ በሙከራ ውስጥ ሆና ለሥራው አልተስማማሽም ከተባለች ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ፣ ያለ ካሣ ትሰናበታለች። እሷም በበኩሏ ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ትችላለች። 60ው የሥራ ቀን አልፎ ሥራዋን ከቀጠለች ግን ውሉ ከመጀመሪያው ቀን እንደጸና ይቆጠራል። እና የካቲት 25 ላይ «ሙከራሽን አላለፍሽም» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ፣ በስድስት ቀን ሳምንትና በአምስት ቀን ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ስለዚህ ደብዳቤው «ሦስት ወር» ሳይሆን «60 የሥራ ቀናት» ይበል።

ቤቲ ኤስ

ጥያቄ አለኝ። እኔ አሁን ሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ኦፈርም አለኝ። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን አይደል? በሙከራ ጊዜ ስላለሁ ይከለክሉኛል? ኢሜይሉ ላይ ልጻፈው?

ነገረ ሠራተኛ

ቀኑ ልክ ነው፤ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90። እርጉዝ ሠራተኛን በእርግዝናዋ ምክንያት ማሰናበት ክልክል ነው። ችግሩ በሙከራ ጊዜ አሠሪው «ሥራው ላይ አልተሳካላትም» ብሎ ሲያባርር ነው። እውነተኛው ምክንያት የትኛው ነው የሚለው ማስረጃ ላይ ይወድቃል፤ በዚህ ላይ እዚህ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጥሽም። ኢሜይል ላይ ልጻፈው ላልሽው ደግሞ ስለ እርግዝናሽ የመናገር ግዴታ አይታየኝም። «የወሊድ ፈቃድን ጨምሮ የፈቃድ ዓይነቶቹን የሚዘረዝረውን ደንብ ላኩልኝ» ብትዪ ይበቃሻል።

ቃልኪዳን

እኔ አልስማማም። ተደብቆ የሚቆይ ነገር አይደለም። በኋላ ዓይን ላይ ከምትወድቂ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ቤቲ ኤስ

እኔም መሀል ላይ ነው ያለሁት 😔

የድሮው ፐርሶኔል

ነገረ ሠራተኛ ስለ ደንቡ ያነሳኸው ትልቅ ነገር ነው፤ ላጠናክርልህ። ሒሳቧ፣ ደብዳቤው ሲመጣ «በድርጅቱ ደንብ መሠረት» የምትል ሐረግ ሁለት ሦስት ቦታ ታገኛለሽ። ሕጉ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መብት አለው ይላል። ግን አዋጁ፣ የሥራ ደንቡ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ሌላ ካላሉ በስተቀር ነው። ስለዚህ ሕክምናው በሙከራ ጊዜ ይኑር አይኑር የሚለው መልስ ያለው ደንቡ ውስጥ ነው። «እዚያ ያለውን የሕክምናና የፈቃድ ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ» በዪ። ሙሉውን ደንብ ስጡኝ ካልሽ ምስጢር ነው ይሉሻል። ሁለት ገጽ ግን ማንም አይከለክልም። ማኅበር ያለበት ድርጅት ከሆነ የኅብረት ስምምነቱን ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ከሕጉ የተሻለ ፈቃድ ያለው እዚያ ነው።

የሕመም ፈቃድንም አትርሺ። በሕጉ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። ይህ መብት የሚጀምረው ግን ሙከራውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። ሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት የተለየ ነው፤ እሱ ሙከራ አይልም።

ሒሳቧ

የዓመት ፈቃዱስ? «በሕጉ መሠረት» ስትለኝ ሠርጉን ከዚያ እወስዳለሁ ብዬ ነበር።

ነገረ ሠራተኛ

አትችዪም። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የመጀመሪያውን የምታገኚው ግን አንድ ዓመት ካገለገልሽ በኋላ ነው። ለራስሽ ጋብቻ ወይም ለሐዘን ሦስት ቀን አለ፤ ለእህት ሠርግ የለም። ስለዚህ ጥር ላይ ያለውን አሁን ካላስያዝሽ፣ በኋላ የምትጠይቂው በሙከራ ላይ ሆነሽ ነው። አሁን ባለሽበት ቤት ያልወሰድሽው ፈቃድ ካለ ደግሞ ስትለቂ በገንዘብ እንዲከፈልሽ ጠይቂ።

ሰኞ ግቢ ላሉሽም መልስ አለሽ። ማስጠንቀቂያውን ሳትሰጪ ከሄድሽ እስከ 30 ቀን ደሞዝሽ ድረስ ካሣ ሊጠየቅብሽ ይችላል። ክሊራንሱም ይጎተትብሻል፤ አዲሱ ቤት ራሱ እሱን አምጪ ማለቱ አይቀርም።

ሒሳቧ

መጣሁ። የጋሼን መልእክት ትንሽ አሳጥሬ ላክሁ፤ ደብዳቤው መጣ። ሙከራው «ለ60 የሥራ ቀናት» ሆኗል። በሳምንት ስድስት ቀን እንደሚሠሩ ደግሞ አሁን ነው ያወቅሁት፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው። ለጥር ወሩ ሠርግ ያለ ክፍያ ሦስት ቀን ተይዟል። ሕክምና «ከሙከራ ጊዜ በኋላ፣ ለሠራተኛዋ ብቻ» ይላል። መጀመሪያ ቀኑም ታኅሣሥ 1።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። 28 ሺው እንዲህ ተጽፏል፦ መሠረታዊ ደመወዝ 20,000፣ የትራንስፖርትና የኃላፊነት አበል 8,000። ትራንስፖርቱ ከ28ቱ ውጪ የሚጨመር ነበር የመሰለኝ። ይህ ልዩነት ያመጣል ወይስ ያው ነው?

የድሮው ፐርሶኔል

አካውንታንት ሆነሽ እኔን ትጠይቂያለሽ? 🙂 ሥሪው እስቲ፤ ጡረታውን አትርሺ።

ሒሳቧ

እሺ። አበሉ ሁሉ ታክስ ይቆረጥበታል ብዬ ልያዝ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው መጠን በ28,000 ላይ 35 በመቶ ተሰልቶ 2,050 ሲቀነስ ታክሱ 7,750 ነው። እሱ በሁለቱም መንገድ ያው ነው።

ጡረታው ነው የሚለየው። ሁሉም መሠረታዊ ቢሆን 7 በመቶው 1,960 ይቆረጥብኛል፤ እጄ ላይ የሚደርሰው 18,290 ነው። አሁን በተጻፈው ግን ጡረታው ከ20,000 ላይ ብቻ ስለሆነ 1,400 ነው፤ እጄ ላይ 18,850 ይደርሳል። በ560 ብር አተረፍኩ ማለት ነው?

የድሮው ፐርሶኔል

በኪስሽ አዎ። አሠሪው የሚከፍልልሽን 11 በመቶ ግን ጨምሪበት። በ28,000 ቢሆን 3,080 ነበር፤ አሁን 2,200 ነው። ያንቺንም አንድ ላይ ስትደምሪ በየወሩ 1,440 ብር ጡረታሽ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ከዚያ 560ዋ ብቻ ናት ወደ አንቺ የተመለሰችው፤ 880ው የድርጅቱ ቁጠባ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ ያልተወሰደ ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ ሲሰላም አበሉ ከሒሳቡ ይወጣል። ሒሳብ ክፍል ሰኔ መጨረሻ ላይ ስንት ሰዓት እንደምታመሹ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አራዳው

ጋሼ ለጡረታው ማን ይኖራል? 560 ብሩን ይዘሽ ግቢ ሒሳቧ። ጡረታ ስትወጪ ያ ብር ዳቦም አይገዛም።

የድሮው ፐርሶኔል

አራዳው፣ እኔ የምበላው ከዚያ ነው 🙂

ነገረ ሠራተኛ

አንድ ነገር ከመፈረምሽ በፊት። ደብዳቤው ላይ የኃላፊነት አበል ካለ የሥራ መደቡን በደንብ አንብቢው። ሲኒየር አካውንታንት ከሆነ ችግር የለም። ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማሰናበት፣ የማዘዋወር ሥልጣን የሚሰጥ ከሆነ ግን የሥራ መሪ ነሽ ሊሉ ይችላሉ። የሥራ መሪ ደግሞ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። እስካሁን ያወራነው የ60 ቀንም የ16 ቀንም ነገር በዚያው ይሄዳል። የሚወስነው ስያሜው ሳይሆን የተሰጠሽ ሥልጣን ነው፤ የሥራ ዝርዝሩን አስልኪ።

ሒሳቧ

«የሁለት ጁኒየሮችን ሥራ መከታተል» ይላል። መቅጠር ማባረር የለም።

ነገረ ሠራተኛ

ያ የሥራ መሪ አያሰኝሽም።

ሒሳቧ

እሺ። ለትራንስፖርቱ ብቻ መልሼ ልጽፍ ነው። «በስልክ ደመወዙ 28,000 ነው፣ ትራንስፖርትም አለ ተብዬ ነበር፤ ደብዳቤው ላይ ግን 28,000 ውስጥ ተካትቷል፣ ቢብራራልኝ» ብዬ። እምቢ ካሉ 4 ሺህ ከአበሉ ወደ መሠረታዊ እንዲዛወር ልጠይቅ ወይስ ልተወው? ባለቤቴ ተዪው ይላል።

የድሮው ፐርሶኔል

ሁለቱን አንድ ላይ አትላኪ። መጀመሪያ ትራንስፖርቱን ጠይቂ፣ መልሱን እዪ። መልቀቂያሽን ግን የሁለቱም ወገን ፊርማና ማኅተም ያለበት ቅጂ እጅሽ ሳይገባ እንዳታስገቢ። የላኩልሽ ፊርማ አለው?

ሒሳቧ

ማኅተም አለው፣ ፊርማ የለውም። ዎርድ ፋይል ነው የላኩት 🤦🏽‍♀️

የድሮው ፐርሶኔል

ረቂቅ ነው እንግዲህ። የተፈረመበትን ስካን አስልኪ፤ እስከዚያ ቢሮሽ ገብተሽ ሥራሽን ሥሪ።